ሼሩ ረክሷል ወይስ ተወዷል? በሴኩሪቲ ማርኬት ላይን እንዴት እንደምንፈትሽ

ባለፈው እዚህ ሀዋሳ፣ መናኸሪያ አካባቢ የመለዋወጫ ሱቅ ያላቸው ጋሼ አንድ ወረቀት ይዘው መጡ። አንድ ሰውዬ የባንክ ሼር ሊሸጥላቸው ነው፣ የሼሩ የተመዘገበ ዋጋ 1,000 ብር ነው፣ ሰውዬው የሚጠይቀው ግን 1,600 ብር ነው። ጋሼ ደግሞ ልባቸው ወድዶታል፣ «ልጄ ባንኩ ባለፈው ዓመት 28 ፐርሰንት ከፍሏል እኮ፣ እኔ ቁጠባ ላይ በ7 ፐርሰንት ነው ያስቀመጥኩት፣ ይሄ ምን ያስጠይቃል?» አሉኝ። ፍቅር ሐይቅ ዳር ቁጭ ብለን ወረቀቱ ጀርባ ላይ ማስላት ጀመርን፣ እዚህ የምጽፈው ያንን ነው፣ ቁጥሮቹን በራሳችሁ ቁጥር ቀይራችሁ የምትሠሩበት እንዲሆን ብዬ ቅደም ተከተሉን ጠብቄ ላስቀምጠው።

መጀመሪያ ግን ያችን 28 ፐርሰንት እናፍርሳት፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነውና። እኛ አገር ባንክ «ይሄን ያህል ፐርሰንት ከፈልኩ» ሲል የሚያወራው ከሼሩ የተመዘገበ ዋጋ ላይ ነው፣ ማለትም ከ1,000 ብሩ ላይ። 28 ፐርሰንት ማለት 280 ብር ነው በቃ። ጋሼ ግን የሚያወጡት 1,600 ስለሆነ 280ን ለ1,600 ስናካፍል 17.5 ፐርሰንት ነው የሚሆነው። ስለዚህ ከ28 ጋር ሳይሆን ከ17.5 ጋር ነው ወሬያችን፣ እሱም ቢሆን ያለፈው ዓመት ነው እንጂ የሚመጣው ዓመት አይደለም።

ፈተናው ምን ይጠይቃል

ሁለት ቁጥር ብቻ ነው የምናወዳድረው። አንደኛው ሼሩ በሚመጣው አንድ ዓመት ይሰጠኛል ብለን የምንገምተው ትርፍ ነው፣ እሱን የሚጠበቀው ትርፍ እንበለው። ሁለተኛው ደግሞ ይሄን ያህል ሪስክ ለመሸከም ገበያው ሊከፍለኝ የሚገባው ትርፍ ነው፣ የሚፈለገው ትርፍ እንበለው። ላይኑ የሚባለው ሁለተኛውን የሚያሳይ ቀጥ ያለ መስመር ነው፣ አግድሙ ላይ ቤታ የሚባለው የሪስክ መለኪያ፣ ቋሚው ላይ ትርፍ፣ መነሻው ምንም ሪስክ የሌለበት ወለድ ነው። ሐሳቡ ዊሊያም ሻርፕ በ1964 እ.ኤ.አ. ካወጣው፣ ሪስክና ትርፍን ከሚያያይዘው የሲኤፒኤም ሞዴል የመጣ ነው፣ በ1990 የኖቤል ሽልማት ካስገኙለት ሥራዎች አንዱ ነው።

አቅጣጫውን አትገልብጡት፣ እኔም ስማር ግራ ያጋባኝ ነበር። የሚጠበቀው ትርፍ ከመስመሩ በላይ ከሆነ ሼሩ ረክሷል ማለት ነው፣ ከመስመሩ በታች ከሆነ ተወዷል ማለት ነው። «በላይ» ሲባል ሰው ዋጋው ከፍ ያለ ይመስለዋል፣ ግን ቋሚው መስመር ላይ ያለው ዋጋ አይደለም፣ ትርፍ ነው፣ ዋጋ ሲወርድ ደግሞ ትርፍ ይወጣል፣ ስለዚህ የረከሰ ሼር ከላይ ነው የሚቀመጠው።

አንደኛ፣ የሚፈለገውን ትርፍ ማውጣት

ሦስት ነገር ያስፈልጋል። የመጀመሪያው ሪስክ የሌለበት ወለድ ነው። ጋሼ 7 ፐርሰንቱን አመጡ፣ ግን 7 ፐርሰንት ባንኮች ለቁጠባ የሚከፍሉት ዝቅተኛው ወለድ ነው እንጂ ያለ ሪስክ ሊያገኙት የሚችሉት ከፍተኛው አይደለም። ትክክለኛው ማወዳደሪያ የመንግሥት የግምጃ ቤት ሰነድ ነው፣ ብዙ ሰው ትሬዠሪ ቢል የሚለው፣ የ28፣ የ91፣ የ182 እና የ364 ቀን አለ። እኛ ለአንድ ዓመት ስለምናስብ የ364 ቀኑን ነው የምንወስደው፣ የ28 ቀኑን ወስዳችሁ ከዓመት ትርፍ ጋር ማወዳደር የለባችሁም። ለሒሳባችን 16 ፐርሰንት ብለን ያዝን፣ እናንተ የምትሠሩበት ሳምንት ላይ የወጣውን የጨረታ ውጤት አስገቡ።

እዚህ ጋ አንድ ነገር ልበል። የግምጃ ቤት ሰነድ ወለድ ሁሌ ነፃ ገበያ ያወጣው ቁጥር አይደለም፣ እኛ አገር ለብዙ ዓመታት ከዋጋ ንረቱ በታች ሆኖ ኖሯል፣ ተቋማት ግዴታ ሆኖባቸው የመንግሥት ሰነድ የገዙበት ጊዜም ነበር። መነሻው በግዳጅ ዝቅ ካለ መስመሩ በሙሉ ዝቅ ይላል፣ መስመሩ ዝቅ ሲል ደግሞ ሁሉም ሼር የረከሰ ይመስላል። ስለዚህ ሁሌ ከዋጋ ንረቱ ጋር አስተያዩት፣ ወለዱ ከንረቱ በብዙ ካነሰ የምታገኙትን «ረክሷል» የሚል መልስ አትመኑት።

ሁለተኛው የገበያው ጠቅላላ ትርፍ ነው፣ ወይም ከመነሻው ወለድ በላይ ያለው ጭማሪ። የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ የተከፈተው በጥር 2017 ነው፣ ስለዚህ የ20 እና የ30 ዓመት አማካይ ማውጣት አይቻልም፣ ማንም አውጥቼዋለሁ ቢላችሁ ከየት አመጣኸው በሉት። የምናደርገው ጭማሪውን መገመት ነው፣ እኔ 8 ፐርሰንት ወሰድኩ፣ ከዛ በ6 እና በ10 ደግሞ እሞክረዋለሁ። 16 ሲደመር 8፣ የገበያው ትርፍ 24 ሆነ ማለት ነው።

ሦስተኛው ቤታ ነው፣ ሼሩ ከገበያው ጋር ምን ያህል እንደሚንቀሳቀስ የሚነግረን ቁጥር። 1 ከሆነ ከገበያው እኩል ይወጣል ይወርዳል፣ 0.5 ከሆነ ግማሹን፣ 1.5 ከሆነ አንድ ከግማሽ እጥፍ። ዳታ ባለበት አገር የ60 ወር የሼሩን እና የጠቅላላ ገበያው መለኪያ የሆነውን የኢንዴክሱን ወርሃዊ ትርፍ ኤክሴል ላይ ጎን ለጎን አድርጋችሁ በአንድ ፎርሙላ ይወጣል፣ ሲ ኮለም ላይ ሼሩ፣ ቢ ላይ ገበያው ካለ እንዲህ ነው፦

```
=SLOPE(C2:C61,B2:B61)
```

እኛ ጋ ግን ይሄ ወጥመድ አለው፣ እና ወጥመዱ በጣም ረቂቅ ነው። ሼር በወር አንዴ ወይም በሁለት ወር አንዴ ብቻ ሲሸጥ በመሀል ያሉት ወራት ዋጋው ያው ቆሞ ነው የሚመዘገበው፣ ትርፉ ዜሮ ዜሮ ይላል። ገበያው ሲንቀጠቀጥ እሱ ቆሞ ስለሚታይ ኤክሴሉ ቤታውን 0.1 ወይም 0.2 ብሎ ይሰጣችኋል። ያ ማለት ሼሩ ሪስክ የለውም ማለት አይደለም፣ ገዢ አልመጣለትም ማለት ነው። ዝቅተኛውን ቤታ ስታስገቡ የሚፈለገው ትርፍ ዝቅ ይልና ሼሩ ረክሶ ይታያል፣ የማይሸጥ ሼር ሁሉ «ርካሽ» ይሆናል ማለት ነው። የምታውቁበት መንገድ ቀላል ነው፣ ኮለሙ ውስጥ ዜሮ የሆኑትን ወራት ቁጠሩ፣ ከሩቡ በላይ ከሆኑ ያንን ቤታ ጣሉት።

ታዲያ ምን እናድርግ? ረጅም ታሪክ ካለው ገበያ ተመሳሳይ ሥራ ያላቸውን ድርጅቶች ቤታ መዋስ ነው። ለባንክ ናይሮቢ ጥሩ ነው፣ ገበያው ከ1954 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ነው፣ ኬሲቢ እና ኢኩዊቲን የመሳሰሉ ባንኮች እዛ ይሸጣሉ። የብዙዎቹን አማካይ ውሰዱ እንጂ የአንዱን አትውሰዱ፣ የአንድ ድርጅት ቤታ በጣም ይዋዥቃል። እኛ 0.9 ያዝን፣ 0.5 እና 1.2 ላይ እንደምንሞክረው ተስማምተን።

እንግዲህ 0.9 ሲባዛ በ8፣ 7.2 ነው፣ 16 ላይ ሲደመር 23.2 ፐርሰንት። ጋሼ 1,600 ብር የሚያወጡ ከሆነ ይሄ ሼር በዓመት 23.2 ፐርሰንት ሊሰጣቸው ይገባል፣ ካልሰጠ ከገንዘቡ 90 ፐርሰንቱን ገበያው ላይ ቢበትኑት እና የተረፈውን ግምጃ ቤት ሰነድ ላይ ቢያደርጉት ይሻላቸዋል ማለት ነው።

ሁለተኛ፣ የሚጠበቀውን ትርፍ ማውጣት

ከባዱ ይሄ ነው፣ ጊዜያችሁንም እዚህ ነው የምታጠፉት። የሚገርመው ሰው ቤታ ላይ ሲጨቃጨቅ ይውልና ይሄኛውን በአንድ መስመር ያልፈዋል።

የሚጠበቀው ትርፍ ማለት በዓመቱ የሚገባው ዲቪደንድ፣ ማለትም ባንኩ ለአንድ ሼር የሚከፍለው ብር፣ ሲደመር በዓመቱ መጨረሻ ሼሩ የሚሸጥበት ዋጋ፣ ለዛሬው ዋጋ ተካፍሎ፣ 1 ሲቀነስ ነው። ሁለቱም ወደፊት ያሉ ስለሆኑ አንድ ቁጥር ከመጻፍ ሦስት ሁኔታ ጻፉ፣ ለእያንዳንዱ ዕድል ስጡት።

ከጋሼ ጋር ስንሠራ መጀመሪያ ያየነው የሼሩን ብዛት ነው። ብሔራዊ ባንክ የባንኮችን አነስተኛ ካፒታል 5 ቢሊዮን ብር ካደረገው በኋላ ብዙ ባንክ ካፒታል ለማሳደግ አዲስ ሼር ሲሸጥ ነበር፣ ትርፉ ቢያድግም የሚካፈለው ሼር ስለሚበዛ ለአንዱ ሼር የሚደርሰው ላያድግ ይችላል፣ አንዳንዴ ይቀንሳል። «የባንኩ ትርፍ በ30 ፐርሰንት አደገ» ሲባል ደስ ከማለታችሁ በፊት የተከፈለው ካፒታል በስንት አደገ ብላችሁ ጠይቁ፣ ካፒታሉም በ30 ካደገ ለእናንተ ሼር ምንም አልተጨመረም። የጋሼ ባንክም ሪፖርቱ ላይ ካፒታሉ ከትርፉ ጋር እኩል ሲሄድ አየን፣ ስለዚህ የመካከለኛውን ሁኔታ ዲቪደንድ እዛው 280 ላይ ተውነው፣ ዋጋው 5 ፐርሰንት ጨምሮ 1,680 ቢሆን አልን። ለዚህ 50 ፐርሰንት ዕድል ሰጠነው።

መጥፎው ሁኔታ ብድር ሲበላሽ ወይም የብድር ዕድገት ጣሪያ ገቢውን ሲይዘው ነው፣ ነሐሴ 2015 ላይ ብሔራዊ ባንክ የብድር ዕድገት ከ14 ፐርሰንት እንዳይበልጥ ሲያደርግ እንዳየነው ማለት ነው። ዲቪደንድ 200፣ ዋጋ 1,400፣ ዕድሉ 30 ፐርሰንት። ድምሩ 1,600 ነው፣ ማለትም ያወጡትን ብቻ ይመልሳሉ፣ ትርፍ ዜሮ። ጋሼ እዚህ ጋ ዝም ብለው ቆዩና «እሱ እንኳን ይሆናል፣ ዕቃ ለሚያመጡት ደንበኞቼ ብድር ሲዘጋባቸው አይቻለሁ» አሉ፣ እኔ 20 ልል የነበረውን ወደ 30 ያሳደግነው በሳቸው ቃል ነው፣ ሱቅ ላይ የቆመ ሰው የሚያየውን እኔ ሪፖርት ላይ አላየውም።

ጥሩው ሁኔታ ዲቪደንድ 320፣ ዋጋ 1,880፣ ዕድል 20 ፐርሰንት።

አሁን ማባዛት ብቻ ነው። ዲቪደንዱ፦ የ200 ሠላሳ ፐርሰንት 60፣ የ280 ግማሽ 140፣ የ320 ሃያ ፐርሰንት 64፣ ድምር 264 ብር። ዋጋው ደግሞ 420 ሲደመር 840 ሲደመር 376፣ 1,636 ብር። ሁለቱ ሲደመሩ 1,900 ብር። 1,900 ለ1,600 ሲካፈል 1.1875፣ የሚጠበቀው ትርፍ 18.75 ፐርሰንት ነው።

እዚህ ጋ እባካችሁ ተጠንቀቁ፣ የዓመቱን መጨረሻ ዋጋ በሚፈለገው ትርፍ አታሳድጉት። አንዳንዱ 1,600ን በ23.2 ፐርሰንት አባዝቶ ዲቪደንዱን ቀንሶ «የወደፊት ዋጋ» ይላል፣ ከዛ መልሶ ሲያወዳድረው በትክክል 23.2 ይመጣለታል፣ «ዋጋው ልክ ነው» ብሎ ይደመድማል። ምንም አልፈተሸም እኮ፣ መልሱን ጥያቄው ውስጥ አስገብቶ ነው ያወጣው። ልዩነቱ በትክክል ዜሮ ከመጣላችሁ ይሄንን ስህተት ነው መጀመሪያ የምትፈልጉት።

ሌላው፣ ዲቪደንዱ የማን ነው? የባንኮች በጀት ዓመት ሰኔ ላይ ይዘጋል፣ ጠቅላላ ጉባኤው ግን ወራት ቆይቶ ነው የሚደረገው፣ በመሀል ሼር ከገዛችሁ ያለፈው ዓመት ዲቪደንድ ለሻጩ ይሁን ለእናንተ ውሉ ላይ መጻፍ አለበት። ለሻጩ ከሆነ ከሒሳባችሁ አውጡት፣ የሚቆጠረው እጃችሁ የሚገባው ብቻ ነው። ታክሱን በተመለከተ ደግሞ ሁለቱንም ከታክስ በፊት ወይም ሁለቱንም ከታክስ በኋላ አድርጉ፣ አንዱን በፊት አንዱን በኋላ ካደረጋችሁ ልዩነቱ ውሸት ይሆናል።

ሦስተኛ፣ ማወዳደርና ዋጋ ማውጣት

18.75 ሲቀነስ 23.2፣ ኔጌቲቭ 4.45። ይሄ ልዩነት አልፋ ይባላል፣ ኔጌቲቭ ስለሆነ ነጥቡ ከመስመሩ በታች ነው፣ ሼሩ በ1,600 ተወዷል።

ግን «ተወዷል» ብሎ መተው ለገዢ አይጠቅመውም፣ በስንት ቢሆን ነው የሚገዛው? ያንን ለማግኘት 1,900ን ለ1.232 ማካፈል ነው፣ 1,542 ብር ይመጣል። በዚህ ዋጋ ሼሩ መስመሩ ላይ በትክክል ይቀመጣል፣ ከዚህ በታች ከተገኘ ከመስመሩ በላይ ይወጣል፣ ረክሷል የምንለው ያኔ ነው። የስም ማዛወሪያ እና የደላላ ወጪ ካለ ከ1,542ቱ ላይ ቀንሱት።

ኤክሴል ላይ ከላይ ወደ ታች B1 ላይ ሪስክ የሌለበት ወለድ በ16% መልክ፣ B2 ቤታ፣ B3 የገበያው ትርፍ በ24% መልክ፣ B4 የዛሬ ዋጋ፣ B5 የሚጠበቅ ዲቪደንድ፣ B6 የሚጠበቅ የዓመት መጨረሻ ዋጋ አስገቡና ከB7 እስከ B10 ድረስ በቅደም ተከተል እነዚህን ጻፉ፣ የሚፈለገው ትርፍ፣ የሚጠበቀው ትርፍ፣ አልፋ፣ እና መስመሩ ላይ የሚያስቀምጠው ዋጋ ናቸው፦

```
=B1+B2*(B3-B1)
=(B5+B6)/B4-1
=B8-B7
=(B5+B6)/(1+B7)
```

አራተኛ፣ ግምቶቹን ማንቀጥቀጥ

አንድ መልስ አግኝታችሁ አታቁሙ፣ የገመታችሁትን አንድ በአንድ ቀያይሩና መልሱ የቱ ጋ እንደሚገለበጥ ፈልጉ። ቤታውን 0.5 ስናደርገው የሚፈለገው ትርፍ 20 ይሆናል፣ ዋጋው 1,583፣ አሁንም ከ1,600 በታች ነው። 1.2 ስናደርገው ደግሞ 1,513 አካባቢ። ጭማሪውን ከ8 ወደ 6 ስናወርደው 1,565፣ ወደ 10 ስናወጣው 1,520። አያችሁ፣ መስመሩን በየትኛውም በኩል ብንጎትተው 1,600 ላይ አይደርስም፣ ስለዚህ ጋሼ ስለ ቤታ መጨነቅ አያስፈልጋቸውም ነበር።

ዕድሎቹን ስንነካ ግን ሌላ ነው። መጥፎውን 10፣ መካከለኛውን 60፣ ጥሩውን 30 ፐርሰንት ስናደርግ የሚጠበቀው ድምር 1,996 ብር ይሆናል፣ ትርፉ 24.75 ፐርሰንት፣ አልፋ ፖዘቲቭ 1.55፣ ሼሩ በአንድ ጊዜ «ረከሰ»። ስለዚህ ውሳኔው የተንጠለጠለው ባንኩ በሚቀጥለው ዓመት መጥፎ ዓመት የማሳለፍ ዕድሉ ላይ ነው፣ ሻጩ ስለ ባንኩ የሚያወራው ሁሉ ይሄን ዕድል ወደ ታች ለመጎተት መሆኑ የገባን ያኔ ነው። የምትጠይቁትም የምታነቡትም ነገር እዛ ላይ ይሁን፣ የተበላሸ ብድር ስንት ነው፣ ተቀማጩ ከየት ነው የሚመጣው፣ አዲስ ሼር ሊሸጥ ነው ወይ።

አንድ ሌላ ነገር አለ፣ ይሄ መስመር የማይቆጥረው። ቤታ የሚለካው ሰው ገንዘቡን ብዙ ቦታ በትኖም የማያመልጠውን ሪስክ ብቻ ነው፣ የአንድ ባንክ የራሱ ችግር ሌላው ላይ ይካካሳል ብሎ ነው የሚያስበው። ጋሼ ግን ያላቸው ሱቁ እና ይሄ ሼር ብቻ ነው የሚሆነው፣ የባንኩ የራሱ ችግር ሙሉ በሙሉ እሳቸው ላይ ይወድቃል። በዛ ላይ ልጅ ታሞ ወይ ዕቃ መግዣ አጥተው ሼሩን ልሽጥ ቢሉ ገዢ ለማግኘት ወራት ሊፈጅ ይችላል። እንዲህ ላለ ሰው የሚፈለገው ትርፍ ላይ እኔ 2 ወይም 3 ፐርሰንት እጨምራለሁ፣ ይሄ ከሞዴሉ የወጣ አይደለም፣ የራሴ ፍርድ ነው። 2 ብንጨምር 25.2 ይሆናል፣ ዋጋው ወደ 1,518 ይወርዳል።

ጋሼ ለሻጩ 1,510 አሉት። እሱ 1,560 ድረስ ወረደ፣ በዛ ዋጋ የሚጠበቀው ትርፍ 21.8 ፐርሰንት አካባቢ ነው፣ ከመጀመሪያው 23.2 እንኳን ያንሳል፣ ስለዚህ ሳይገዙ ቀሩ። ወረቀቱ ሱቃቸው ውስጥ ካልኩሌተሩ ሥር አለ፣ የባንኩ ጉባኤ ሪፖርት ሲወጣ 264ቱን እና 1,636ቱን፣ የሚቀጥለው የ364 ቀን ጨረታ ውጤት ሲታወቅ ደግሞ 16ቱን ቀይረን እንደገና እናሰላዋለን።